አሥር ቃላት፣ አንድ የመርካቶ ቅዳሜ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከ11 እስከ 14 ዓመት ናቸው፤ ፊደል ያነባሉ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረውንም ይሰማሉ። ለዚህ ወር የሰጠኋቸው አሥር ቃላት፦ ዘምቢል፣ ተጋፋ፣ ተራ፣ ጠራ፣ ተወደደ፣ ቆረጠ፣ ሚዛን፣ መረቀ፣ ዝርዝር፣ መልስ። ሁሉም የሚገቡበት የገበያ ቀን ታሪክ ጻፍኩላቸው፤ ግን ቃላቱ የተለጠፉ ይመስላሉ። ‹ሣራ ዘምቢል ይዛ ገበያ ሄደች። ሚዛን አየች። ሰው ተጋፋ። መልስ ተቀበለች› ዓይነት ነው የሆነብኝ። እንዴት ይስተካከል? ቢቻል አንድ ናሙና ይጻፍልኝ።»

መልስ፦

«ሚዛን አየች» ከሚለው እንጀምር። ዓረፍተ ነገሩን ከታሪኩ ያውጡትና የቀረውን ያንብቡ፤ ምንም አይጎድልም። የተለጠፈ ቃል የሚታወቀው በዚህ ነው። ገበያ የወጣ ሰው ሚዛንን ቆሞ አያየውም፤ ዕቃ ይጫንበታል፣ መርፌው የት ላይ እንደቆመ ያጣራል፣ «አልሞላም» ብሎ ይከራከርበታል። ቃሉ ሥራ ካልያዘ ዓረፍተ ነገሩ ስንት ጊዜ ቢስተካከል መለጠፉ አይቀርም። ስለዚህ ከቃላቱ ዝርዝር ሳይሆን ከግዢው ይነሡ።

ግዢ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ገዢ ተራ ይጠብቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሻጭ ትጠራለች፣ ገዢ «ተወደደ» ይላል፣ ይከራከራሉ፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ዕቃው ይመዘናል፣ ምራቂ ይጨመራል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ መልስ ይሰጣል። እንግዲህ ከአሥሩ ቃላት ሰባቱ በራሳቸው ቦታ ገቡ ማለት ነው፤ ቦታ የሚፈለገው ለዘምቢል፣ ለተጋፋ እና ለዝርዝር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ግን አይቻልም። ለምሳሌ ምራቂ የሚመጣው ከሚዛን በኋላ ነው። ከሚዛኑ በፊት የተጨመረ ዕቃ አብሮ ይመዘናል፣ ዋጋም ይታሰብበታል፤ ምራቂነቱ ይቀራል። ልጆቹ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ መልሰው እንዲተርኩት የሚያስችላቸውም ይኸው ቅደም ተከተል ነው፤ ቃሉን ቢረሱ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ።

ሁለተኛው ነገር በመረጧቸው ቃላት ውስጥ ያለ ነው፤ ሳይታወቅዎትም ቢሆን ጥሩ አድርገው መርጠዋል። ተራ፣ ጠራ፣ ተወደደ፣ ቆረጠ፣ መረቀ፣ ዝርዝር እና መልስ ሁለት ሁለት ትርጉም አላቸው፤ አንድ የቤት፣ አንድ የገበያ። ልጆቹ የቤቱን ያውቁታል። እናት ልጇን ትጠራለች፣ አያት ይመርቃሉ፣ አስተማሪ መልስ ይጠይቃል፣ ወረፋ ላይ ተራ ይጠበቃል። የገበያውን ትርጉም ግን የሚሰሙበት ቦታ የላቸውም፤ እነሱ የሚገቡበት መደብር ዋጋው ተለጥፎ ይጠብቃቸዋል፣ የሚጠራም የሚቆርጥም ሰው የለም። ስለዚህ የታሪኩ ቋጠሮ እዚያው ቃላቱ ውስጥ ይገኛል፦ የቤቱን ትርጉም ብቻ የምታውቅ ልጅ መርካቶ መሐል ብትገኝ ምን ይገጥማታል?

ናሙናው ይኸው። የተጻፈው በራሳቸው ማንበብ ለሚችሉ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑትም ለዚህ ነው።

የቤዛ ዝርዝር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤዛና አያቷ መርካቶ ደርሰዋል። አያቷ ባዶ ዘምቢል ይዘዋል፤ ቤዛ ደግሞ እናቷ የጻፈችውን ዝርዝር ይዛለች። ዝርዝሩ ላይ «በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ» ይላል።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሰው ይጋፋል። አንድ ተሸካሚ ትልቅ ጆንያ ተሸክሞ «ወገድ! ወገድ!» እያለ አለፈ። ቤዛና አያቷም እየተጋፉ በርበሬ ተራ ገቡ። ቤዛን ሦስት ጊዜ አስነጠሳት።

አንዲት ነጋዴ ፊት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አያቷ ደክሟቸዋል። «ቤዛዬ፣ እኔ እዚህ ልረፍ» አሏት። «አንቺ ተራሽን ጠብቂና ሁለት ኪሎ በርበሬ ግዢ። ዘንድሮ ተወዷል፤ ግን ለኪሎ ከአራት መቶ ሃምሳ በላይ እንዳትከፍዪ።» ዘምቢሉንና አምስት ባለ ሁለት መቶ ብር ሰጧት።

የቤዛ ተራ ደረሰ። ነጋዴዋ የአንድ ጆንያ ገመድ በቢላ ቆረጠችና «ነይ የኔ ቆንጆ» ብላ ጠራቻት።

«ኪሎው ስንት ነው?» አለች ቤዛ።

«አምስት መቶ።»

አምስት መቶ ጠራችባት! ቤዛ አያቷ ያሉትን አስታወሰች።

«ተወደደብኝ። አራት መቶ አድርጊልኝ።»

«በአራት መቶማ አያዋጣኝም። ቁርጡን ልንገርሽ፤ አራት መቶ ሃምሳ።»

«እሺ።»

ዋጋው ተቆረጠ።

ነጋዴዋ በርበሬውን ሚዛን ላይ አደረገች። የሚዛኑ መርፌ ሁለት ላይ ቆመ። በርበሬውን ዘምቢሉ ውስጥ ገለበጠችና «ነይ፣ ልመርቅልሽ» አለች።

ቤዛ ደስ አላት። አያቷ ሲመርቋት እንደምታደርገው ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ግን ምንም አልሰማችም። ቀና ስትል ነጋዴዋ ሁለት እፍኝ በርበሬ ዘምቢሉ ላይ ጨምራላታለች።

«ዘጠኝ መቶ ብር» አለች ነጋዴዋ። ቤዛ አምስቱንም ብር ሰጠቻት።

«ዝርዝር የለሽም?»

«አለኝ» አለች ቤዛ፤ የእናቷን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት።

ነጋዴዋ ወረቀቱን አነበበች። «ኮረሪማ እኔ ጋ የለም» አለቻት።

ቤዛ አመስግና ሄደች። ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«አንቺ ልጅ! መልስሽን!»

ቤዛ እየተጋፋች ተመለሰች። «ጥያቄው ምን ነበር?» አለቻት።

ነጋዴዋ ሳቀች። «ጥያቄ የለም። ይኸው መልስሽ» ብላ መቶ ብር እጇ ላይ አስቀመጠች።

አያቷ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ነጋዴዋ ሄዱ። «ለልጄ በርበሬ መረቅሽላት፤ መልሷንም ጠርተሽ ሰጠሻት። አሁን ደግሞ እኔ ልመርቅሽ። ገበያሽ ይድራ፣ እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ነጋዴዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ «አሜን» አለች።

ታሪኩ እዚህ ያበቃል። አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ የሚጠቅምዎት ታሪኩን ለራስዎ እንዲመች መለወጥ ሲችሉ ነውና።

በጣም ሊያተኩሩበት የሚገባው «ልመርቅልሽ» እና «ልመርቅሽ» የሚሉት ሁለቱ ናቸው። ልዩነታቸው አንዲት «ል» ብቻ ናት። «ልመርቅሽ» ሲባል የሚመረቀው ሰው ነው፤ ምርቃቱ ልጅቷ ላይ ያርፋል። «ልመርቅልሽ» ሲባል የሚመረቀው ዕቃ ነው፤ ልጅቷ የምትጠቀመው ናት። ቤዛ «ል»ን ስላልሰማች ራሷን ዝቅ አደረገች፤ መጨረሻ ላይ አያቷ «ል»ን ሲተዉት ነጋዴዋ በትክክል ራሷን ዝቅ አደረገች። ልጆቹ ይህችን አንዲት ፊደል ከያዙ ታሪኩ ሥራውን ሠርቷል። ሰሌዳ ላይ «መርቂኝ» እና «መርቂልኝ» ብለው ይጻፉና የትኛውን ለአያት፣ የትኛውን ለነጋዴ እንደሚሉት ይጠይቋቸው። ተገላብጦ ሲነገር ምን እንደሚመስል ራሳቸው ይስቁበታል፤ ነጋዴን «መርቂኝ»፣ ሽማግሌን «ይመርቁልኝ» ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የ«ብ» ሥራ ነው። ገበያ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ ወይ ለሰው ወይ በሰው ላይ ነው የሚደረገው፤ ስለዚህ የገበያ አማርኛ በ«ልኝ» እና በ«ብኝ» የተሞላ ነው። «ጠራችኝ» ካለች ስሟን ነው የጠራቻት፤ «አምስት መቶ ጠራችብኝ» ካለች ዋጋ ነው። «ተወደደ» ዋጋው መጨመሩን ይናገራል፤ «ተወደደብኝ» ደግሞ የጨመረው ዋጋ በእኔ ኪስ ላይ መሆኑን። «አራት መቶ አድርጊልኝ» ላይ «ልኝ» ባይኖር ልመናው ትእዛዝ ይሆናል፤ «አራት መቶ አድርጊ» ብሎ የሚከራከር ገዢ የለም። ልጆቹ ስሕተት የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ግሡን ያውቁታል፣ ድርድሩን ያለ «ልኝ» ይጽፉታል፤ አንባቢው ይረዳዋል እንጂ የገበያ ሰው ንግግር አይመስልም። ልብ ይበሉ፤ «ብኝ» ብቻውን ትርጉሙን አይወስንም። «በስልክ ስነጋገር ልጁን ጠራችብኝ» የሚል ሰው ስለ ዋጋ አላወራም። ዋጋ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከፊቱ የቆመው ቁጥር ነው፤ ለዚህ ነው በናሙናው «አምስት መቶ» እና «ጠራችባት» ተጣብቀው የመጡት።

ዝርዝርና መልስ ሌላ ችግር ይዘው ይመጣሉ፤ ምንጩም እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ስለዚህ «ዝርዝር ተቀበልኩ» ወይም «መልስ አለሽ?» ብለው ይጽፋሉ። በቃል ፍቺ ከማስረዳት ይልቅ በብር ያሳዩአቸው። አንድ ባለ ሁለት መቶ ብር በሁለት ባለ መቶ፣ ወይም በአራት ባለ ሃምሳ ሲለወጥ፣ ያ ዝርዝር ነው፤ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም፣ ኖቱ አነሰ እንጂ ገንዘቡ አልተቀነሰም። ዘጠኝ መቶ የሚከፈልበት ቦታ ሺህ ሰጥተው መቶ ሲመለስልዎት፣ ያ መልስ ነው፤ ምንም እንኳ አንድ ያልተዘረዘረ ኖት ቢሆን። የቤዛ መቶ ብር መልስ ናት፣ ዝርዝር ግን አይደለችም። ነጋዴዋ «ዝርዝር የለሽም?» ያለችውም መልስ ላለመፈለግ ነው፤ ቤዛ አራት ባለ ሁለት መቶና አንድ መቶ ብር ቢኖራት ኖሮ ሒሳቡ እዚያው ያልቅ ነበር።

ይህም ወደ ቁጥሮቹ ይወስደናል። በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች እንደ ጊዜው ገበያ መለወጥ ይችላሉ፤ መለወጥም ይኖርብዎታል፣ አምና የተጻፈ የበርበሬ ዋጋ ዘንድሮ ቅናሽ ይመስላል። ሲለውጡ ግን ሦስት ነገሮችን አይንኩ። አያት የፈቀዱት ዋጋ በተጠራውና ገዢዋ ባቀረበችው መካከል መውደቅ አለበት፤ እዚህ 500፣ 400 እና 450 ናቸው። ጠቅላላ ክፍያው ቤዛ ከያዘችው ማነስ አለበት፤ ልክ ሺህ ከሆነ መልስ የሚባል ነገር አይኖርም፣ የታሪኩም ግማሽ ይጠፋል። የያዘችው ገንዘብ ደግሞ ጠቅላላውን በትክክል መክፈል የማይቻልበት ኖት መሆን አለበት፤ 900ን በባለ ሁለት መቶ ብቻ መክፈል አይቻልም፣ ስለዚህ የዝርዝር ጥያቄ በራሱ ይመጣል። ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ራሱ የወጣው መስከረም 2013 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩን ወላጆቻቸው ልጅ በነበሩበት ዘመን ላይ ካስቀመጡት በመቶ ብር ይተኩትና ጠቅላላውን በመቶ ብር ብቻ በትክክል የማይከፈል ያድርጉት። የዚህ ዕድሜ ልጆች ሒሳብ ያሰላሉ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ የሚይዙት ስሕተቱን እንጂ ቃሉን አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ቃላቱ አቀማመጥ። እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ አብዛኞቹ ሦስትና አራት ጊዜ። በጠቅላላው ወደ 260 ቃላት በሚሆን ታሪክ ውስጥ አሥሩ በተለያየ ቅርጽ 30 ጊዜ ተመላልሰዋል። ይህ ብዙ ነው። አንባቢ ያለ መዝገበ ቃላት እንዲከተል ከመቶው ቃላት ቢያንስ 95 ያህሉን ማወቅ አለበት፤ አሥሩም ፍጹም አዲስ ቢሆኑ ይህ ታሪክ አይነበብም ነበር። የሚነበበው ሰባቱ በአንድ ፊታቸው የታወቁ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላ አዲስ ቃል አይጨምሩበት። ጆንያ፣ ወገድ፣ እፍኝ፣ ኮረሪማ እና ጥቁር አዝሙድ ላይ የሚያመነታ ልጅ ካለ ከንባቡ በፊት በዕቃው ያሳዩ፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ከእናት ጓዳ አይጠፋም፣ እፍኝን በእጅ ማሳየት ይቻላል።

አማርኛ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው የቃሉ ብዛት ሳይሆን የለበሰው ልብስ ነው። «ቆረጠ»ን የሚያውቅ ልጅ «ቁርጡን» ሲያይ ሌላ ቃል ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ቃሉ መጀመሪያ የሚመጣው በሚታወቅ ቅርጹና በቤት ትርጉሙ ነው፤ ወደ ገበያው የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴዋ የጆንያውን ገመድ በቢላ የቆረጠችው ለዚህ ብቻ ነው፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ «ቁርጡን ልንገርሽ»፣ ቀጥሎም «ዋጋው ተቆረጠ» ይመጣል። ዝርዝርም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የእናት ወረቀት ነው፣ በኋላ ገንዘብ። ተራ በገበያ ትርጉሙ የቀደመው በርበሬ ተራ ሳይገቡ ወረፋ ስለሌለ ነው፤ ከዚህ ደንብ ሆነ ተብሎ የወጡት ግን መረቀ እና መልስ ናቸው፤ እነሱ መጀመሪያ የሚመጡት በገበያ ትርጉማቸው ነው፣ አንባቢው ከቤዛ ጋር አብሮ እንዲሳሳት። «ልመርቅልሽ» ከመምጣቱ በፊት አያቷ ሲመርቁ ቢታዩ ኖሮ ቀልዱ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የ«ተወደደ» የቤት ትርጉም ግን አልገባም። «የተወደደች ልጅ» የሚል ሐረግ ማስገባት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን በግዢው ውስጥ ሥራ ስለሌለው የእርስዎ «ሚዛን አየች» ይሆንብን ነበር። ሁለቱም ትርጉም ይግባ ብሎ ቃልን መጎተት ያው መለጠፍ ነው። ከንባቡ በኋላ በቃል ይንገሯቸው፤ ውድ ልጅና ውድ በርበሬ አንድ ሥር ያላቸው መሆኑን ሲሰሙ አይረሱትም።

በክፍል ውስጥ ሲነበብ ጆሮ የሚፈልጉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይምና። አንደኛው መረቀ ነው። «ሲመርቋት»፣ «ልመርቅሽ» ላይ «ር» ጠብቆ ይነበባል። ቤት ውስጥ የሚያውቁት የሥጋ መረቅ ግን ላልቶ ነው። በርበሬ ባለበት ታሪክ ውስጥ «ልመርቅልሽ»ን አላልቶ የሚያነብ ልጅ ሾርባ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ አንዴ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ሁለተኛው ተራ እና ጠራ ነው። ለጆሮ ይቀራረባሉ፣ በተለይ «ጠ»ን እንደ «ተ» ለሚያወጣ ልጅ። ተራ ላይ «ራ» ላልቶ፣ ጠራ ላይ ጠብቆ ነው። «ተራዬ ሲደርስ ጠራችኝ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በተራ በተራ እንዲሉ ያድርጉ፤ ማን የትኛው ላይ እንደሚደናቀፍ ወዲያው ይታወቃል። በርበሬ ተራ የሚለውን ደግሞ «የበርበሬ ወረፋ» ብለው እንዳይረዱት ይንገሯቸው። መርካቶ ውስጥ ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እንደሚባለው።

ንባቡን አንድ ቦታ ላይ ያቋርጡት፤ «‹አለኝ› አለች ቤዛ» የሚለው ላይ። ወረቀቱን ገልብጠው «ከኪሷ ምን ታወጣለች?» ብለው ይጠይቁ። «ብር» የሚሉትና «ወረቀት» የሚሉት ሲለያዩ፣ ዝርዝርን ማን በየትኛው ትርጉም እንደያዘው ያለ ፈተና ያውቃሉ። ክፍት ቦታ ሙሉ የሚባለው መልመጃ ግን ለዚህ ታሪክ አይሆንም። አሥሩን ቃላት በዝርዝር ሰጥተው «ነጋዴዋ ———» ብለው ቢያቀርቡ ልጆቹ «ነጋዴዋ መረቀ» ብለው ይሞላሉ፤ ማጥናት የሚገባቸው ልብሱን ነበር፣ መልመጃው ግን ራቁቱን ቃል እንዲያስቀምጡ ያስተምራቸዋል። ከዚያ ይልቅ ታሪኩን ቤዛ ራሷ ለእናቷ በስልክ እንደምትነግር አድርገው ያስተርኳቸው። «ጠራችባት» «ጠራችብኝ» ይሆናል፣ «ጨምራላታለች» «ጨምራልኛለች»፣ «አሏት» «አሉኝ»። ሁሉም ልብስ ይለወጣል።

አያትን በእናት ለመተካት ካሰቡ የአክብሮቱ ግሥ በሙሉ መለወጥ እንዳለበት አይዘንጉ። ይዘዋል፣ ደክሟቸዋል፣ አሏት፣ ሰጧት፣ ያሉትን፣ ሲመርቋት፣ ሲሰሙ፣ ሳቁ፣ ብለው፣ ተነሥተው፣ ሄዱ፤ አንዱ ቢረሳ ልጆቹ ሁለት ሰው ያለ ይመስላቸዋል። በዚያ ላይ መጨረሻው ይላላል። ነጋዴን መመረቅ ለሽማግሌ የሚያምር ነገር ነው፤ ወጣት እናት ብታመሰግናት እንጂ አትመርቃትም።

ገበያውን ከመርካቶ አውጥተው ወደ ገጠር ከወሰዱት ደግሞ ሚዛኑ ይቸገራል። እዚያ ጥራጥሬና ቅመም ብዙ ጊዜ በጣሳ ይሰፈራል፤ መርፌው ይቀርና ጣሳው እስከ አፉ ሞልቶ መከመሩ ይመጣል፣ ምራቂው ከዚያ በላይ የሚጨመረው ይሆናል። ሚዛን ከቃላትዎ አንዱ ስለሆነ ከተማ ላይ መቆየት ይሻላል። ዋጋ የተለጠፈበት ሱቅ ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስገቡት፤ ጠራ፣ ቆረጠ እና መረቀ በአንድ ጊዜ ሥራ ይፈታሉ።

ልጆቹ የራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉ ሌላ ዕቃ ይስጧቸው፦ ቅቤ፣ ዶሮ፣ ነጠላ። ዶሮ ላይ የሚጽፈው ልጅ ሚዛን ይቸግረዋል፤ መርካቶ ውስጥ የቁም ዶሮ በእጅ አንሥቶ ነው የሚገዛው። «ሚዛን የለም፤ አያቴ በእጃቸው መዘኑት» ብሎ ከጻፈ ቃሉን በደንብ ይዞታል፣ ሙሉ ነጥብ ይስጡት። ረቂቆቹን ሲያርሙ መጀመሪያ ቃላቱ መግባታቸውን አይቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በጣትዎ ሸፍነው ቀሪውን ያስነብቡት፤ ግዢው ሳይቋረጥ ከቀጠለ የሸፈኑት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ቃል ገና ሥራ አልያዘም።